የእሸት ቡና ፎቶ ለከረጢት ፓተርን ሠራሁ፤ መጋጠሚያው አፍጥጦ ይታያል

ቀይ እሸት

ሰላም ለሁላችሁ። የአጎቴ ልጅ ጅማ ላይ ቡና እየቆላ ይሸጣል። ለግማሽ ኪሎው ከረጢት ዙሪያውን የሚሸፍን መደብ ሥራልኝ አለኝ። እኔም ከጓሮው አንድ የእሸት ቡና ቅርንጫፍ ቆርጬ በስልኬ አነሳሁት። ፎቶሾፕ ላይ ከኋላው ያለውን አጠፋሁና ቅርንጫፉን ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ አሥር ቦታ ደገምኩት። አንዳንዱን አዞርኩት፣ አንዳንዱን አሳነስኩት። ካሬው ጥቅጥቅ ብሎ ሞላ፤ በስክሪን ሳየው አማረኝ።

ጎን ለጎን ስደረድረው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ቅጠሎቹ ካሬው ጠርዝ ላይ በቢላ የተቆረጡ ይመስላሉ። ራቅ ብዬ ሳየው ሰያፍ መስመር እየደጋገመ ይታየኛል። በዚያ ላይ ምክንያቱን መናገር አልችልም እንጂ ሁሉም ነገር እንደ ስቲከር የተለጠፈ ነው የሚመስለው። የሰጠሁት ማተሚያ ቤት ፋይሉን ተቀብሎ ሳምፕል አወጣ እንጂ ይህ ችግር አለበት ያለኝ ሰው የለም። ፒዲኤፉ ላይም ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር አለች። ምን ላድርግ?

ፈጣን ነኝ

ወንድሜ ይሄ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ካሬውን ወደ ቀኝ በመስታወት ገልብጠው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ታች ገልብጣቸው። አራቱ ሲገናኙ ጠርዙ መቼም አይለያይም፤ ራሱ ከራሱ ጋር ነዋ የሚጋጠመው። ካልፈለግህ ደግሞ ጂምፕ ላይ Filters > Map > Tile Seamless አለልህ። አንዴ ክሊክ፣ አለቀ።

ጋሽ ሲሊንደር

ፈጣን ልጅ፣ ያልከው ውሸት አይደለም። መስመሩ በእርግጥ ይጠፋል። ግን በመስታወት የተገለበጠ ቅርንጫፍ ከራሱ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አይተሃል? ሁለት ቅጠል ተጋጥሞ ቢራቢሮ ይሆናል። ሁለት ፍሬ ግራና ቀኝ፣ መሃል ላይ ግንዱ፤ በቃ ዓይንና አፍንጫ ያለው ፊት ወጣልህ። አንድ ጊዜ ፊቱን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ቡናውን አያይም። እኔ ማተሚያ ቤት በሠራሁበት ዘመን እንዲህ ዓይነት ፊት ያለበት የብስኩት መጠቅለያ ታትሞ አልቆ ነው የታየው።

ያ የጂምፑ ማጣሪያ ደግሞ ጠርዙን ከተቃራኒው ጠርዝ ጋር አሳስቶ ይደራርበዋል። ለአሸዋ፣ ለሣር፣ ለግድግዳ ልስን ጥሩ ነው። ተቆጥሮ የሚታይ ነገር ላይ ግን ግማሹ ፍሬ እንደ መንፈስ በሌላው ውስጥ ያልፋል። ቀይ እሸት፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ካሬው ስንት በስንት ፒክስል ነው? ከረጢቱስ ስንት በስንት ነው?

ቀይ እሸት

አመሰግናለሁ ጋሼ። ካሬው 1181 በ1181 ነው። 10 ሴንቲሜትር በ300 ብዬ ያገኘሁት ቁጥር ነው። ከረጢቱ የጎን እጥፋት ያለው ዓይነት ነው፤ ፊቱ 12 ሴንቲ፣ ጎኑ 7 ሴንቲ፣ ቁመቱ 28 ሴንቲ።

ፈጣን ነኝ፣ የመስታወቱን ሞከርኩት። ጋሼ ያሉት ፊት ወጣ። ጢም ሁሉ አለው 😂

የሸማ ልጅ

እኔ የምለው፣ ጥለት ለመሥራት ይህን ሁሉ ምን አስፈለገ? እኔ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በኢሉስትሬተር ነው የምሥለው። አንዷን መስቀል በመስመር እሠራለሁ፣ እደጋግማታለሁ፣ አለቀ። ፎቶውን ተውና ቡናውን ሣለው። ፍሬ ክብ ነው፣ ቅጠል ደግሞ ሞላላ ነው፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ።

ቀይ እሸት

የአጎቴ ልጅ "የእኔ ዛፍ መሆኑ ይታይ" ብሏል። ስለዚህ ፎቶ ነው፤ ሥዕል አይሆንም።

ጋሽ ሲሊንደር

የሸማ ልጅ የጠየቀው ሌላ ነገር ቢሆንም አንድ ጠቃሚ ነገር አነሳ። ጥለት የሚኖረው ዳር ላይ ነው። ወደ ጎን ብቻ ይደገማል፤ ከላይና ከታች የሚገጥመው ነገር የለም። የእኛ ልጅ የሚፈልገው በአራቱም በኩል የሚገጥም ነው። ያም ሆኖ ሸማኔው የሚያውቀው ቁም ነገር እዚህም ይሠራል። ሸማኔ ድሩን ቆጥሮ ነው የሚነሳው። ግማሽ ክር የሚባል ነገር የለም። ግማሽ ፒክስልም የለም።

የአንተ 1181 ጎዶሎ ቁጥር ነው። ለሁለት ስትከፍለው 590 ተኩል ይመጣል። ፕሮግራሙ ወይ ያጠጋጋዋል ወይ ያደበዝዘዋል፤ በሁለቱም መንገድ መጋጠሚያ ላይ አንድ ፒክስል ይሳሳታል። የፒዲኤፍህ ነጭ መስመር ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ምክንያትም አለው፤ እመለስበታለሁ። ለጊዜው 1200 በ1200 አድርገው። ሴንቲሜትሩን በኋላ እናስተካክለዋለን።

አሁን አሠራሩን ልንገርህ። አዲስ ባዶ ሸራ ክፈትና ቅርንጫፎችህን መሃል ላይ ብቻ አስቀምጥ። አንዱም ጠርዝ አይንካ። ሲበቃህ ሁሉንም ወደ አንድ ሌየር አጣምር፤ ዋናዎቹን ግን ሌላ ቦታ አስቀምጣቸው። ከዚያ Filter > Other > Offset ግባና ሁለቱም ሳጥን ላይ 600 ጻፍ፣ ከታች Wrap Around ምረጥ። ሥዕሉ በአራት ተከፍሎ መሃሉ ወደ ማዕዘኖቹ ይሄዳል። መሃል ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ ይቀርሃል። በዚህ ባዶ ውስጥ አዳዲስ ቅርንጫፍ አስቀምጥ። አሁንም ጠርዝ እንዳትነካ። ጠርዙ ላይ ያለው ቀድሞ ገጥሟል፤ እጅህን ያስገባህበት ቀን ነው የሚበላሸው።

አንተ ያበላሸኸው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ካሬውን እስከ ጠርዙ ሞላህ፣ ከዚያ ይገጥማል ብለህ ጠበቅህ።

መቅረዝ ዲዛይን

ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። እኔ ማሸጊያ ዲዛይን እየሠራሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከ2021ዱ ፎቶሾፕ ጀምሮ View > Pattern Preview አለ። እሱን ስታበራ ካሬው በዙሪያው ተደጋግሞ ይታይሃል፤ አንዱን ቅርንጫፍ በጠርዙ ስታሳልፈው በወዲያኛው በኩል ብቅ ይላል። ለአቀማመጥ ከኦፍሴት ይልቅ ይሄ ይቀልላል።

ለመፈተን ግን ምንም ዓይነት መስኮት አላምንም። ካሬውን በኢሜጅማጂክ አራት በአራት ደርድሬ አንድ ትልቅ ፋይል አወጣና እሱን ነው የማየው፦

```
magick -size 4800x4800 tile:kare.png fetena.png
```

ይህን ፋይል አሳንሰህ፣ በስልክ ላይ ጣት የሚያህል አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ እየው። ሰያፍ መስመርህ ከየት እንደሚመጣ ያኔ ታገኘዋለህ። ፋይሉን እዚህ ብትለጥፈው እኔም አየዋለሁ። ደግሞ ካሬውን ጄፔግ አድርገህ አታስቀምጥ። ጄፔግ ሥዕሉን በትናንሽ ካሬ እየቆራረጠ ነው የሚጨምቀው፤ ግራ ጠርዝህና ቀኝ ጠርዝህ እኩል አይጨመቁም። ፒኤንጂ ወይም ቲፍ ይሁን።

ቀይ እሸት

ሁሉንም ሠራሁ። 1200 አደረግኩት፣ በጋሼ ዘዴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ቅጠሉ አሁን አይቆረጥም! የመቅረዝን ፈተና ለጥፌዋለሁ። ሰያፍ መስመሩ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ባሰበት። ስቲከር መምሰሉም እንዳለ ነው።

መቅረዝ ዲዛይን

አየሁት። ሰያፍ የሚሠራልህ መስመር አይደለም፣ አንዲት ቅጠል ናት። ከላይ በስተቀኝ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ጫፏ ቢጫ የሆነች፣ ትል የበላት ቅጠል አለች። ቀዳዳዋ ሁለት ነው። ካሬው ውስጥ አምስት ጊዜ አለች፣ ምክንያቱም ያው ቅርንጫፍ ነው የተደጋገመው። ዓይን ከሁሉ የተለየውን ነገር ነው ፈልጎ የሚያገኘው፤ ካገኘው በኋላ ነጥብ በነጥብ ያገናኘዋል። መንገድ ይሆናል።

ሁለት ምርጫ አለህ። ቅጠሏን በ Clone Stamp ማደስ፣ ወይም በአንዱ ብቻ ትተህ ከሌሎቹ ማጥፋት። እኔ በአንዱ ብተዋት እንኳ በየ10 ሴንቲው ትታያለች፤ ስለዚህ አጠፋታለሁ። ባዶ ቦታም እንደ ቅጠሏ ነው። ካሬህ ግርጌ በስተግራ ከሌላው የሰፋ ክፍተት አለ። ትንሽ ፍሬ ጣል አድርግበት።

ፈጣን ነኝ

ወይም ካሬውን ትልቅ አድርገው! 4000 በ4000 ብታደርገው መደጋገሙ አይታይም።

መቅረዝ ዲዛይን

ይረዳል፤ ግን ያንኑ አንድ ቅርንጫፍ እስከደገመ ድረስ ቅጠሏ አሁንም ትከተለዋለች። የተለያየ ቅርንጫፍ ነው የሚያስፈልገው።

ጋሽ ሲሊንደር

እኔም ፈተናውን አየሁት። ስቲከር የመሰለበትን ምክንያት ልንገርህ። ፍሬዎቹን አጉልተህ እያቸው። የበሰለ እሸት ያብረቀርቃል። እያንዳንዱ ፍሬ ላይ ነጭ የብርሃን ነጥብ አለ። በዋናው ፎቶ ነጥቧ ከላይ በስተግራ ናት። አንተ ደግሞ ቅርንጫፉን አዙረኸዋል። አንዱ ላይ ብርሃኑ ከታች ይመጣል፣ አንዱ ላይ ከቀኝ። በአንድ ሜዳ ላይ አምስት ፀሐይ ወጥቷል። ዓይን ይህን በስም አይጠራውም፣ "ውሸት ነው" ብቻ ይላል።

መፍትሔው ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። ተመልሰህ አንሳው። ነጭ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፍ። ደመና ያለበት ጠዋት ይሁን፤ ካልሆነ በመስኮት ብርሃን ፊት ነጭ ነጠላ ጋርድበት፣ ነጸብራቁ ይለዝባል። ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገህ አንድ ቦታ እሰረው። ከዚያ ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ አንሳ፤ እሱን ራሱን በእጅህ ሩብ ዙር አዙረህ ደግሞ አንሳ፤ እንዲህ እያልክ አራት ጊዜ። በአራቱም ብርሃኑ ከላይ በስተግራ ይመጣል፣ ቅርንጫፉ ግን አራት አቅጣጫ ያያል። ሦስት ቅርንጫፍ ካለህ አሥራ ሁለት ፎቶ ይኖርሃል። ያኔ ኮምፒውተር ላይ ምንም አታዞርም። ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ስልኩን አታስጠጋው። በጣም ከቀረብክ የቀረበው ፍሬ ይወፍራል፣ የራቀው ይቀጥናል። አንድ ሜትር ያህል ራቅ በልና በሌንስህ አጉላ። በሌንሱ ነው ያልኩህ፤ በጣት እየለጠጡ ማጉላት ፎቶውን ከመቁረጥ አይለይም።

ካፌ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይቅርታ፣ መሃል ልግባ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ትንሽ ካፌ አለኝ። ባለፈው ዓመት ከጀበናና ስኒ ፎቶ ዎልፔፐር አሠርቼ ነበር። ካሬው በራሱ በደንብ ይገጥማል፣ በኮምፒውተር አይቼዋለሁ። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን በየወረቀቱ መገናኛ ላይ ጀበናው አንገቱ ተቆረጠ። የለጠፈው ልጅ "ዲዛይኑ ነው" አለኝ፣ ዲዛይነሩ "አለጣጠፉ ነው" አለኝ። ማንን ልመን?

ጋሽ ሲሊንደር

ስፋቱን ንገሪኝ ልጄ። የወረቀቱ ጥቅል ስፋት ስንት ነው፣ አንዱ ካሬስ ስንት ሆኖ ታተመ?

ካፌ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጥቅሉ ከአውሮፓ የመጣ ነው፣ 53 ሴንቲ። ካሬው 20 ሴንቲ ነው ብሎኛል።

ጋሽ ሲሊንደር

እንግዲህ ለጣፊው ንጹሕ ነው። 53 ውስጥ 20 ሁለት ጊዜ ገብቶ 13 ይተርፋል። ጀበናሽ 13ኛው ሴንቲ ላይ ተቆረጠ፣ ቀጣዩ ወረቀት ከዜሮ ጀመረ። ካሬው 26.5 ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ ልክ ይገባ ነበር። ወረቀቱን በቁመት ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚያጋጥሙት ዓይነት ፓተርንም አለ፤ እሱም ቢሆን ስፋቱን አያድንልሽም።

ቀይ እሸት፣ አንተም ከዚሁ ጉድጓድ አጠገብ ነህ። ከረጢትህን ዘርጋው። ፊት 12፣ ጎን 7፣ ጀርባ 12፣ ጎን 7። ድምሩ 38 ሴንቲ ነው። 10 ሴንቲ ካሬ 38 ውስጥ ሦስት ጊዜ ገብቶ 8 ይተርፋል። ጀርባው ላይ ሲታሸግ ቅርንጫፉ በግማሽ ይቀራል። ካሬውን 9.5 ሴንቲ ብታደርገው አራት ጊዜ ልክ ይገባል። 1200 ፒክስልህ በ9.5 ሴንቲ ላይ ከ300 በላይ ስለሚሆን ጥራቱ አይጎዳም። ከሚታሸግበት መስመር በላይ የሚደረበው ትርፍ ደግሞ አለ፤ ሴንቲ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ማተሚያ ቤቱን ጠይቅ። በዚያ ትርፍ ላይ ፓተርኑ እንዲሁ ይቀጥል።

ቁመቱም ቢሆን ቸል አይባልም። ሲሊንደሩ ከረጢቱን እየዞረ ነው የሚያትመው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። 28ን ለሦስት ብትከፍለው 9.33 ገደማ ነው። ስለዚህ "ካሬ" የምንለው ካሬ አይሁን፤ 1200 በ1180 አድርገው። ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ከ28 ሴንቲ የሚበልጠው በሩብ ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ማንም አያይም። መቁረጫው አንድ ሁለት ሚሊ ቢስት እንኳ ከላይም ከታችም የሚቀጥለው ያው ፓተርን ስለሆነ ስህተቱ ይሸፈናል። ባይገጥም ኖሮ አፉ ላይ ቀጭን ሰንበር ይታይ ነበር።

አትርሳ፤ ቁመቱ 1180 ሲሆን ኦፍሴቱ አግድም 600፣ ወደ ታች 590 ነው።

ቀይ እሸት

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ከመጀመሪያው ማንም አልነገረኝም። የፒዲኤፉን ነጭ መስመር እመለስበታለሁ ብለው ነበር።

መቅረዝ ዲዛይን

ጋሼ እስኪመለሱ እኔ ልመልስ። ፒዲኤፉን ከፍተህ አጉላው። 100 ላይ፣ 400 ላይ፣ 1600 ላይ እያት። መስመሯ ሁልጊዜ እንደዚያው ፀጉር ከሆነች የስክሪኑ ጉዳይ ነች፤ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ሲሣል ጠርዙን ለማለስለስ ሲሞክር የሚፈጥራት ናት። ስታጎላ አብራ የምትወፍር ከሆነ ግን ፋይሉ ውስጥ አለች፣ ትታተማለች።

እኔ በሁለቱም አልተማመንም። ኢሉስትሬተር ፓተርኑን እንዲደጋግም አልተውለትም። የከረጢቱን ሙሉ መደብ ፎቶሾፕ ውስጥ ደርድሬ፣ አንድ ሥዕል አድርጌ አስገባዋለሁ። ጽሑፉና አርማው ብቻ በላዩ በቬክተር ይቀመጣል። ፋይሉ ይከብዳል፣ ይክበድ።

ቀይ እሸት

1600 ላይም ፀጉር ናት። ተመስገን። ጥላውስ? እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሥር ለስላሳ ጥላ ብጨምር ስቲከር መምሰሉ አይቀንስም?

ፈጣን ነኝ

Drop Shadow! አሁን እንኳን ትክክል ነኝ በሉኝ።

መቅረዝ ዲዛይን

ግማሽ ትክክል 🙂 ጥላው ወደ ታች በስተቀኝ ነው የሚወድቀው። ጠርዝ አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ጥላው ከሸራው ውጭ ይወድቅና ይቆረጣል፤ በወዲያኛው በኩል አይመጣም። ቅርንጫፍህ በትክክል ገጥሞ ጥላው ላይ ቀጥ ያለ ጠባሳ ታያለህ። ጥላ ከፈለግህ ጠርዝ ላይ ያለውን ቅርንጫፍ ቅጂ አድርገህ ልክ 1200 ፒክስል ወደ ጎን ውሰደው፣ 1199 አይደለም። ከላይና ከታች ላለው ደግሞ 1180። ያኔ ሁለቱም ጥላቸውን ወደ ውስጥ ይዘው ይገባሉ።

ጋሽ ሲሊንደር

ተመለስኩ። እኔ ጥላውን አልወደውም። የጅማው ልጅ ከረጢት በምንድን ነው የሚታተመው? ቡናማ ክራፍት ከሆነ ጥላው ሁሉ ቆሻሻ ይመስላል፤ ቀዩ ፍሬም ቢሆን ከሥሩ ነጭ ካልታተመለት እንደ ደረቀ ጀንፈል ይጠቁራል። ነጭ ወይም ብርማ ፊልም ከሆነ ሌላ ወሬ ነው።

መቅረዝ ዲዛይን

በዚህ ከጋሼ ጋር አልስማማም። ፎቶ ሆኖ ጥላ የሌለው ነገር በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ከካርቶኑ ላይ አብሮ የተነሳውን እውነተኛ ጥላ በማስክ ትንሽ ማስቀረት ይቻላል። ክራፍት ላይ እንኳ ለዝቦ ሠርቶልኛል።

ጋሽ ሲሊንደር

በስንት ቀለም፣ በምን ማሽን?

መቅረዝ ዲዛይን

ዲጂታል ነበር፤ ሦስት መቶ ከረጢት ብቻ።

ጋሽ ሲሊንደር

እንደሱማ በል። እኔ የማወራው ስለ ሲሊንደር ነው። በዲጂታል ቀጭን ጥላ ይቆማል። በፍሌክሶ ማተሚያ ግን አምስት በመቶ የሆነ ጥላ ሲታተም አሥራ አምስት ይሆናል፤ ጠርዙም ድንገት ይቆረጣል እንጂ ቀስ ብሎ አይጠፋም።

የሸማ ልጅ

እኔ አሁንም ሣለው ነው የምለው። ግን የሸማኔውን ነገር ለእናቴ ነገርኳት፤ "ድሩን ሳይቆጥር የሚነሳ ማን አለ" አለችኝ።

ቀይ እሸት

የአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። ክራፍት ነው፣ ነጭ ከሥር የለውም፣ ብዛቱን ገና አልወሰነም። ስለዚህ ጥላውን ሁለቱንም ሠርቼ ሳምፕል አወጣለሁ፤ አምጥቼ እለጥፈዋለሁ።

ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው። ለቀማው እያለቀ ነው። ጓሮው ያለችው ዛፍ ላይ የቀረው ሁለት ዘለላ እሸት ብቻ ነው አለኝ። "እስከ ነገ ጠዋት አትንካው" ብዬዋለሁ። ካርቶኑን ገዛሁ፣ ነጠላውን ከእናቴ ተቀበልኩ። ነገ ደመና ይሁን ብላችሁ ጸልዩልኝ።